የእቁቡን ሳጥን ባዶ አድርገሽ ሣይው

*ጥያቄ፦*

*26 ዓመቴ ነው። አኒሜሽን እሠራለሁ። እናቴ የሰፈራችን እቁብ ዳኛ ናት። አዲስ ወደ ሰፈሩ የገቡ ወጣቶች እቁቡን ልግባ ይሉና እንዴት እንደሚሠራ ሲነገራቸው ግራ ይገባቸዋል። ስለዚህ እናቴ «በቴሌግራም የምንልክላቸው የሦስት ደቂቃ ካርቱን ሥሪልን» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። ችግሩ ባለፈው ዙር አንዲት ጎረቤታችን ዕጣ ከወጣላት በኋላ መክፈል አቆመች። እኔ ይሄም በስክሪፕቱ ይግባ አልኩ። እናቴ ግን «ገመናችንን አደባባይ አታውጪ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አሳዪ» ብላ ተቆጣች። የሴትየዋ ልጅ ደግሞ የልብ ጓደኛዬ ናት። ብተወው ሰው የማታልል ይመስለኛል፣ ባስገባው ሁለቱንም አጣለሁ። እውነቱን ለመናገር የገንዘቡን አዟዟርም በደንብ ማስረዳት አቅቶኛል። በየሳምንቱ ብር እየገባበት የሚያብጥ ሳጥን ሥዬ ነበር፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ምን ላድርግ?*

*ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ*

*መልስ፦*

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሳጥኑን ካስተካከልሽው ከእናትሽ ጋር ያጋጨሽ ነገር ግማሹ እዚያው የሚፈታ ይመስለኛል።

እቁብ ውስጥ የሚያብጥ ሳጥን የለም። እሑድ ጠዋት ብሩ ይሰበሰባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የወጣለት ሰው ሙሉውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሑድ ማታ ሳጥኑ ባዶ ነው። ሁሌም ባዶ ነው። ታዲያ ገና ያልወጣላቸው ሰዎች እስካሁን የጣሉት ብር የት ነው ያለው? ቀድሞ የወጣላቸው ሰዎች እጅ ላይ። ባንክ ቤት የለም፣ ዳኛዋ ቤትም የለም። ሥዕልሽ ላይ የጎደለው ይሄ ነው። ሳጥን ሲያብጥ ያየ ወጣት ብሩ አንድ ቦታ ተቆልፎ የተቀመጠ ይመስለዋል። አንድ ሰው መክፈል ሲያቆም ለምን ሌላው እንደሚጎዳም አይገባውም፣ «ሳጥኑ ውስጥ አለ አይደል እንዴ?» ይላል።

እስቲ እንዲህ አድርገሽ ሞክሪው። የእናንተ እቁብ ብዙ አባላት ይኖሩት ይሆናል፣ ፊልሙ ላይ ግን አምስት ሰው ይበቃል። ለእያንዳንዱ አንድ ቀለም ስጪው። ጉልት የምትሸጠው እትዬ ብርቄ ቢጫ፣ ነርሷ ሰላም ሰማያዊ፣ ባጃጅ የሚነዳው ዳዊት ቀይ፣ ልብስ ሰፊዋ አስቴር ሐምራዊ፣ ዳኛው ጋሽ ከድር አረንጓዴ። ፊት እንኳን ብዙ አያስፈልጋቸውም። አንድ ነጠላ፣ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ሜትር አንገት ላይ፣ በቃ። እያንዳንዳቸው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ 1,000 ብር ይጥላሉ። የብር ኖት ዝርዝሩን ለመሣል አትድከሚ፣ በስልክ ስክሪን አይታይም። 1,000 ብር ማለት አንድ እስር ይሁን፣ እስሩም የባለቤቱን ቀለም ይያዝ።

አሁን መስከረም ላይ አምስት እስር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ አምስት ቀለም። ዕጣው ለሰላም ይወጣል። 5,000 ብር ይዛ ትሄዳለች፣ እጇ ላይ ግን ያለው ቀለም የራሷ አንድ ሰማያዊና የአራት ጎረቤቶቿ ነው። ተመልካቹ ይሄን በዓይኑ ያየዋል፣ ምንም ቃል ሳትጨምሪ። ጥቅምት ላይ ለዳዊት ይወጣል። ኅዳር ለእትዬ ብርቄ፣ ታኅሣሥ ለአስቴር፣ ጥር ለጋሽ ከድር። አምስት ወር፣ አምስት ዕጣ፣ ዙሩ አለቀ።

ይሄን ቀለም ስትከተይ አንድ ነገር ይገለጥልሻል። እያንዳንዱ ሰው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ 1,000 ብር ይሰጣል፣ ከእያንዳንዱም አንድ ጊዜ 1,000 ብር ይቀበላል። እቁብ ማለት ይሄው ነው። ልዩነቱ ማን ቀድሞ ተቀብሎ በኋላ ይሰጣል፣ ማን ቀድሞ ሰጥቶ በኋላ ይቀበላል የሚለው ብቻ ነው።

የዳዊትን ሁኔታ እንየው፣ ምክንያቱም የፊልሙ ልብ እሱ ነው። ጥቅምት ላይ ሲወጣለት እስከዚያ የከፈለው 2,000 ብር ነው። የወሰደው 5,000። ስለዚህ 3,000 ብር ዕዳ አለበት። ይሄን ዕዳ «ለእቁቡ» አትበይው። እቁቡ የሚባል ሰው የለም። ለእትዬ ብርቄ 1,000፣ ለአስቴር 1,000፣ ለጋሽ ከድር 1,000 ነው ያለበት። ከዳዊት ደረት ሦስት ክር አውጪና ሦስቱ ሰዎች ጋ አገናኚው። ኅዳር ላይ ሲከፍል አንዱ ክር ይበጠሳል፣ ታኅሣሥ ሌላው፣ ጥር የመጨረሻው። ይሄን ካየ በኋላ «ዕጣዬ ከወጣ ምን አገባኝ» የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ቢኖርም ማንን እንደሚጎዳ አውቆ ነው።

ድምፁን ደግሞ እንደዚህ ብትጽፊው ምን ይመስልሻል?

*(ጥቅምት። ዳዊት አምስቱን እስር ታቅፎ ይስቃል። ከደረቱ ሦስት ክሮች ወጥተው ብርቄን፣ አስቴርንና ጋሽ ከድርን ይነካሉ። ሳጥኑ ተገልብጦ ባዶነቱ ይታያል።)*

*ተራኪ፦ ዳዊት ዛሬ 5,000 ብር ደረሰው። እንኳን ደስ ያለህ! ግን ሳጥኑን እዩት። ባዶ ነው። ሦስቱ ጎረቤቶቹ እስካሁን የጣሉት ብር ዳዊትና ሰላም ጋ ነው ያለው። ከዛሬ ጀምሮ ዳዊት ቆጣቢ ብቻ አይደለም፣ ባለዕዳም ነው።*

*ዳዊት፦ ባጃጄ ጎማ ልገዛላት ነው። ኅዳር ላይ እዚሁ አገኛችኋለሁ!*

እዚህ ጋ አጠገባቸው ያለችውን ሰላምንም አትርሺያት፣ እሷም ሦስት ክር አላት። ጥቅምት ማታ ላይ ሂሳቡን ብትደምሪው የሁለቱ ዕዳ 6,000 ነው፣ ተራ የሚጠብቁት የሦስቱ ቁጠባም 6,000 ነው። ሁሌም እኩል ይመጣል። ስክሪፕትሽን የምትፈትሺበት ዘዴ ስለሆነ ያዢው። በየትኛውም ወር ቀድመው የተቀበሉት ያለባቸው ዕዳ ተራ ከሚጠብቁት ቁጠባ ጋር እኩል ካልሆነ ሥዕልሽ ላይ የሆነ እስር ጠፍቷል ማለት ነው።

አሁን ወደሚያሳስብሽ ጉዳይ እንምጣ።

እናትሽ «ገመና» ስትል ምን እያለች እንደሆነ ጠይቀሻታል? በቁጣ ሳይሆን፣ ቡና ላይ። «እማዬ፣ ያኔ የጎደለውን ማን ሞላው?» ብለሽ። ይሄን የምልሽ ዳኛ የሆነች ሴት ጉድለት ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ስለሆነች ነው። አንዳንድ ዳኞች ነገሩ እንዳይሰማ ከኪሳቸው ሞልተው ዝም ይላሉ። የእናትሽን አላውቅም፣ ግን እሷም እንደዚያ አድርጋ ከሆነ ፊልምሽን የምታየው አንቺ በምታይበት ዓይን አይደለም። የጎረቤቷ ውርደት ብቻ ሳይሆን የራሷም ድካም ነው አደባባይ የሚወጣው። መጀመሪያ ይሄን ስሚያት። መልሷ ስክሪፕቱን ራሱ ሊቀይረው ይችላል።

ያም ሆኖ ያለ ምክንያት ያሳሰበሽ ጉዳይ አይደለም፣ ልክ ነሽ። ክፍያ ማቆምን ያላሳየ የእቁብ ማብራሪያ አባል የሚሆነውን ሰው ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስለት ይቀራል። ማንኛውም አዲስ ሰው በልቡ የሚጠይቀው «ወስዶ ቢጠፋስ?» ነው። ይሄን ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ብልጡ ሰው አይገባም፣ ያልጠረጠረው ይገባና ይጎዳል። እና እናትሽን «እውነቱን እናውጣ» ብለሽ አትሟገቻት። «ዋስ ለምን እንደምንጠይቅ እናስረዳ» በያት። ዋስ ሲባል እሷ በደንብ ታውቃለች፣ ምናልባትም ስታስረዳ የኖረችው እሱን ነው።

ትዕይንቱን ከእውነተኛው ታሪክ ሙሉ በሙሉ አርቂው። የእናንተ ጎረቤት ሴት ከሆነች ፊልሙ ላይ ወንድ ይሁን። ሥራው ሌላ፣ የዕጣው ተራ ሌላ፣ ምክንያቱም ሌላ። ለዚህ ነው ዳዊትን ባጃጅ ነጂ ያደረግኩልሽ። ኅዳር ላይ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ገቢው ይቆማል። ሌባ አይደለም። እቁብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይሄ ነው። ሰው ሊክድ ብሎ ሳይሆን እጁ አጥሮት፣ አፍሮ መምጣት ያቆማል። ሐፍረቱ ነው ጉድለቱን ወደ ጠብ የሚቀይረው።

ዋሱ አስቴር ትሁን። ዳዊት ጥቅምት ላይ ብሩን ከመረከቡ በፊት «እሱ ባይከፍል እኔ አለሁ» ብላ ፈርማለች። ለምን እሷ? ዕጣዋ ገና ስላልወጣ። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዕጣው ያልወጣለት ሰው ጥሩ ዋስ ነው፣ ምክንያቱም ዳኛው ከሚደርሰው ብር ላይ መቀነስ ይችላል። ዕጣው ወጥቶለት የጨረሰ ሰው ዋስ ቢሆን ግን የሚያዝ ነገር የለውም፣ ቃሉ ብቻ ነው የሚቀረው። ዋሱ በመሃል ዕጣ ከደረሰውም ዳኛው ብሩን ከማስረከቡ በፊት ሌላ ዋስ መጠየቅ ወይም የተወሰነውን ይዞ ማቆየት አለበት። ይሄንን እናትሽ ጋ አረጋግጪ፣ እያንዳንዱ እቁብ የራሱ ደንብ አለው።

ዳዊት ጨርሶ ቢጠፋ አስቴር ምን ይደርስባታል? ቁጥሩን አስልተሽ እየው። ኅዳር ላይ ለእትዬ ብርቄ የጎደለው 1,000፣ ታኅሣሥ ላይ ለራሷ የሚጎድለው 1,000፣ ጥር ላይ ለጋሽ ከድር የሚጎድለው 1,000። ጠቅላላ 3,000 ብር እሷ ላይ ይወድቃል። ይሄንን በአንድ ሥዕል አሳዪው፣ ሦስቱ የዳዊት ክሮች ወደ አስቴር ደረት ሲዘዋወሩ። ዋስ መሆን ለጓደኛ ደግ ቃል መስጠት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ይገባል። በተግባር ሁለት ዋስ የሚጠይቁ እቁቦች ያሉት ለዚህ ነው፣ ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል።

ግን ፊልሙ ላይ ዳዊት አይጥፋ። ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ ከመድረሱ በፊት፣ ጋሽ ከድር ቤት ይምጣ።

*(ሌሊት። በር ይንኳኳል። ዳዊት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል።)*

*ዳዊት፦ ጋሽዬ፣ የነገውን ሙሉ አልያዝኩም። ባጃጇ ቆማለች። 500 ብቻ ነው ያለኝ።*

*ጋሽ ከድር፦ ግባ፣ ተቀመጥ። ዛሬ መምጣትህ ጥሩ ነው። አስቴርን እንጥራት።*

ስምምነቱም ግልጽ ይሁን። ዳዊት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር 500፣ 500 ይከፍላል። አስቴር በየወሩ ቀሪውን 500 ትሸፍናለች፣ በራሷ ተራ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ 4,500 ትቀበላለች ማለት ነው። ዙሩ ካለቀ በኋላ ዳዊት ለአስቴር የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 500፣ 500 ይመልሳል። እትዬ ብርቄ ኅዳር ላይ 5,000 ብሯን ሳይጎድልባት ወሰደች፣ ጋሽ ከድርም ጥር ላይ እንዲሁ። ዕጣው አልጎደለም። ለተመልካቹ የሚቀርለት «ሰው ሲቸገር ምን ይደረጋል» የሚለው ነው፣ «እከሌ በላን» የሚለው አይደለም። እናትሽም ይሄን ስታይ የምትቃወመው አይመስለኝም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ዋስትናው በወረቀት ይሁን፣ ፊልሙም ላይ ወረቀቱ ይታይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ መገለጽ እንዳለበት ይላል። መጠኑ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ለዳዊት ዋስ ነኝ» የሚል ብቻ ሳይሆን «እስከ 3,000 ብር» የሚል ቁጥር ይነበብ። ለሁለት ሴኮንድ ብትይዢው ይበቃል።

ጋሽ ከድርን በተመለከተ አንድ እውነት አትደብቂ። እሱ የመጨረሻ ነው። አምስት ወር ሙሉ ሲሰጥ ቆይቶ ጥር ላይ የተቀበለው የራሱኑ 5,000 ብር ነው፣ ወለድ የለውም። ሰላም ግን መስከረም ላይ 4,000 ብር የሰው ገንዘብ ያለ ወለድ አግኝታ እስከ ጥር በየወሩ 1,000 እየመለሰች ሠራችበት። ጥቅሙ እኩል አይደለም፣ እኩል የሆነው ዕድሉ ነው፣ ዕጣ የሚያስፈልገውም ለዚያ ነው። በአምስት ወር ዙር ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሁለት ዓመት በሚፈጅ ዙር ግን ዋጋ እየጨመረ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው በዚያው ብር የሚገዛው ነገር ያንሳል። የእናንተ ዙር ረጅም ከሆነ ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ጋሽ ከድር ራሱ «ቤት ባስቀምጠው እበላው ነበር» ብሎ ቢመልስ ደስ ይለኛል፣ ብዙ ሰው መጨረሻ ሲደርሰው የሚጽናናው በዚሁ ነውና።

ሌላውን ተይው። ዕጣ መሸጥ፣ በግማሽ ዕጣ ሁለት ሆኖ መግባት፣ የዘገየ ሰው ቅጣት፣ ለታመመ ሰው ተራ መልቀቅ፣ እነዚህን ሁሉ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ካጨናነቅሽ ክሮቹ ይጠፋሉ። እናትሽ በድምፅ መልእክት ልትጨምራቸው ትችላለች።

ጓደኛሽን በተመለከተ ግን ፊልሙ ከመለቀቁ በፊት ራስሽ ንገሪያት። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም፣ በድንገት ቴሌግራም ላይ እንዳታየው ነው። «ስለ እቁብ ካርቱን እየሠራሁ ነው፣ የተቸገረ ሰው አለበት፣ የእናትሽ ታሪክ አይደለም፣ ግን አንቺ መጀመሪያ እይው» በያት። ስክሪኑን ይዘሽ አብረሻት ተቀመጪ። ፊቷ የሚቀየርበት ቦታ ካለ እሱን ቦታ ቀይሪው። ምናልባት እሷ ራሷ ያኔ ቤታቸው ምን እንደነበረ ትነግርሽ ይሆናል። ያንን ግን ስክሪፕቱ ውስጥ አታስገቢው፣ ለአንቺ የተነገረ ነው። ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ የእናቷ ዕዳ አሁንም አለ? ካለ እናትሽ እንደ ዳዊት ዓይነት ስምምነት ልትሰጣት የምትችል ከሆነ እሱ ከፊልሙ መቅደም አለበት። ዕዳው እንደተንጠለጠለ ፊልሙ ቢወጣ ምንም ያህል ብትቀይሪው ሰፈሩ እሷን ነው የሚያስበው።

በዚህ ሳምንት ገና አኒሜት አታድርጊ። አሥር ወረቀት ላይ በእርሳስ ሣዪው፣ ቀለሙን ብቻ ቀቢ። ተራኪውን ጮክ ብለሽ በሰዓት አንብቢው፣ ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ከሰላም ትዕይንት ቀንሺ፣ ከዳዊት አትቀንሺ። ከዚያ ለእናትሽ አሳዪያትና ምንም ሳታስረጂ «ጥቅምት ማታ የአስቴር 2,000 ብር የት ነው ያለው?» ብለሽ ጠይቂያት። ቀጥሎ እቁብ ገብቶ የማያውቅ አንድ ሰው ፈልጊና ያንኑ ጠይቂው። ጣቱን ወደ ዳዊትና ሰላም ከቀሰረ ሥዕሉ ሠርቷል። ሳጥኑ ላይ ከቀሰረ የጥቅምቱን ትዕይንት እንደገና ሣዪው።